የኦክስጅን ሞለኪውላዊ ኦርቢታል ዲያግራም አሠራር፦ ሁለቱ ብቸኛ ኤሌክትሮኖች ከየት መጡ?

ፈሳሽ ኦክስጅን ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ቀለም አለው። የሚፈላው በ-183 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ይህን ፈሳሽ በአንድ ጠንካራ ማግኔት ሁለት ጫፎች መሃል ሲያፈሱት ሁሉም ወደ ታች አይወርድም። ከፊሉ እዚያው ይያዝና እንደ ትንሽ ድልድይ በሁለቱ ጫፎች መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ተኖ እስኪያልቅ ድረስ አይወድቅም። በዚያው ማግኔት መሃል ፈሳሽ ናይትሮጅን ቢያፈሱ ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ጀምስ ዲዋር ፈሳሽ ኦክስጅን በማግኔት እንደሚሳብ ያሳየው በ1891 እ.ኤ.አ. ነው።

ነገሩ ለኬሚስትሪ ተማሪ ራስ ምታት ነው። በማግኔት የሚሳብ ነገር፣ ማለትም ፓራማግኔቲክ የሆነ፣ ጥንድ ያላገኘ ኤሌክትሮን ሊኖረው ይገባል። ሁሉም ኤሌክትሮን ጥንድ ጥንድ ከሆነ ስፒናቸው ይጣፋል፤ ያ ነገር ዳያማግኔቲክ ነው፣ ማግኔት እንዲያውም በትንሹ ይገፋዋል። እንግዲህ የኦክስጅንን ሉዊስ ስትራክቸር ሳሉት። ሁለት ኦክስጅን፣ በመሃላቸው ድርብ ቦንድ፣ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ነጻ ጥንድ። አራት ኤሌክትሮን በቦንዱ፣ ስምንት በነጻ ጥንዶቹ፣ በድምሩ 12። ሁለቱም አቶሞች ስምንት ስምንታቸውን አግኝተዋል። የሚያምር ሥዕል ነው። ግን አንድም ብቸኛ ኤሌክትሮን የለበትም።

የአክስቴን ልጅ ሳስጠናት ይህን ስነግራት ወዲያው እርሳሷን አነሳች። «ታዲያ ጋሼ፣ አንዱን ቦንድ ሰብሬ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ኤሌክትሮን ብሰጠው አይሆንም?» አለችኝ። ብልህ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሞክረውም ይህንኑ ነው። እንደዚያ ሲሳል ሁለት ብቸኛ ኤሌክትሮን ይገኛል፣ በመሃል ግን የሚቀረው ነጠላ ቦንድ ነው። ነጠላ የኦክስጅን ከኦክስጅን ቦንድ ምን ያህል እንደሚረዝም እናውቃለን። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ አለ፣ ርዝመቱም ወደ 147 ፒኮሜትር ነው። በምንተነፍሰው ኦክስጅን ውስጥ ያለው ቦንድ ግን 121 ፒኮሜትር ብቻ ነው። እሱን ለመበጠስ በአንድ ሞል 498 ኪሎጁል ይፈጃል፣ የፐርኦክሳይዱ ግን ወደ 210 ብቻ። ይህ ነጠላ ቦንድ አይደለም።

ስለዚህ የምንፈልገው ሥዕል ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መስጠት አለበት፦ ድርብ ቦንድና ሁለት ብቸኛ ኤሌክትሮን። በሉዊስ ነጥብና መስመር ስምንት ስምንቱን ጠብቆ ሁለቱን ማሟላት አይቻልም። በ1929 እ.ኤ.አ. ጆን ሌናርድ-ጆንስ ያሳየው መንገድ ግን ያለ ምንም ማስገደድ ሁለቱንም ያወጣል። እርሳስና ወረቀት ያዙና አብረን እንሥራው።

ደረጃ 1፦ አቶሞቹን በግራና በቀኝ አስቀምጡ

ወረቀቱን ለሦስት ዓምድ ክፈሉት። በግራ አንዱ የኦክስጅን አቶም፣ በቀኝ ሌላው፣ መሃሉ ለሞለኪውሉ ባዶ ይቆይ። ከታች ወደ ላይ ስትሄዱ ጉልበት እየጨመረ ይሄዳል። በእያንዳንዱ አቶም ስር አንድ መስመር ለ2s አስምሩ። ከሱ በላይ፣ ሰፋ ያለ ክፍተት ትታችሁ፣ ሦስት መስመር ጎን ለጎን ለ2p አስምሩ። ክፍተቱን ሰፊ አድርጉት ያልኩት በምክንያት ነው። በኦክስጅን 2s እና 2p መካከል ወደ 16 ኤሌክትሮንቮልት ልዩነት አለ። ኋላ ስለ ደረጃዎቹ ቅደም ተከተል ስናወራ እንፈልገዋለን።

1s የት ሄደ? እንተወዋለን። ኒውክለሱን ተጠግቶ የተቀመጠ ስለሆነ ከሌላው አቶም 1s ጋር ብዙም አይደራረብም። ቢሳልም የሚጨምረውና የሚቀንሰው እኩል ስለሆነ ውጤቱን አይለውጥም።

ደረጃ 2፦ ኦርቢታሎቹን አጣምሩ

ሕጉ አንድ ነው፦ ሁለት ኦርቢታል ከገባ ሁለት ይወጣል። ሁለቱ ሞገዶች በመሃል ሲደጋገፉ ኤሌክትሮኑ በሁለቱ ኒውክለሶች መካከል የመገኘት ዕድሉ ይጨምራል፤ ይህ ቦንዲንግ ኦርቢታል ነው፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ሲጣፉ ደግሞ በመሃል ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ ይህ አንቲቦንዲንግ ነው፣ ጉልበቱ ይወጣል። አንቲቦንዲንጉን በኮከብ ምልክት እናሳያለን።

2s ቀላል ነው። ክብ ከክብ ይጣመርና አንድ ሲግማና አንድ ሲግማ ኮከብ ይሰጣል። መሃል ላይ ከታች ሳሏቸው፣ ወደ ቀጣዩ እንለፍ።

2p ላይ ረጋ በሉ፤ የጨዋታው ልብ እዚህ ነው። ሁለቱን ኒውክለሶች የሚያገናኘውን መስመር z እንበለው። በዚህ መስመር ላይ የተዘረጉት ሁለቱ 2pz ፊት ለፊት ይገጥማሉ። መደራረባቸው ጥሩ ነው፣ አንድ ሲግማና አንድ ሲግማ ኮከብ ይወጣቸዋል። የቀሩት 2px እና 2py ግን ለመስመሩ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። ፊት ለፊት መግጠም አይችሉም፣ ጎን ለጎን ነው የሚነካኩት። እነሱ ፓይና ፓይ ኮከብ ይሰጣሉ።

አሁን እርሳሱን በጣቶቻችሁ መሃል ያዙት። እርሳሱ የሞለኪውሉ መስመር ነው እንበል። በራሱ ዙሪያ ሩብ ዙር አዙሩት። x የነበረው አቅጣጫ y ሆነ። ሞለኪውሉ ግን ምንም አልተለወጠም፣ ያው ቀጥ ያለ ዱላ ነው። እንግዲህ ከ2px የተሠራው ፓይ እና ከ2py የተሠራው ፓይ በጉልበት ሊለያዩ አይችሉም። አንዱን x ሌላውን y ያልነው እኛ ነን፤ ሞለኪውሉ ይህን አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱ ፓይ በአንድ ከፍታ፣ ሁለቱ ፓይ ኮከብም በአንድ ከፍታ ይሳላሉ። በግምት ሳይሆን ልክ በአንድ ከፍታ።

ሉዊስ ስትራክቸር የሚያጣው ይህንን ነው። ሁለት መስመር ስትስሉ አንዱ ሲግማ ሌላው ፓይ ነው ብላችሁ ታስባላችሁ። ያ አንድ ፓይ በ x በኩል ነው ወይስ በ y? ሞለኪውሉ የሚያዳላበት ምክንያት የለውም። ሁለቱንም እኩል ሊያስተናግድ ግድ ነው።

ደረጃ 3፦ ከታች ወደ ላይ ደርድሩ

ለኦክስጅን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሲግማ 2s፣ ሲግማ ኮከብ 2s፣ ሲግማ 2p፣ ሁለቱ ፓይ፣ ሁለቱ ፓይ ኮከብ፣ መጨረሻ ላይ ሲግማ ኮከብ 2p። ፊት ለፊት የገጠሙት በደንብ ስለተደራረቡ ቦንዲንጉ በጣም ወርዷል፣ አንቲቦንዲንጉም በጣም ወጥቷል። ጎን ለጎን የተነካኩት ፓይዎች መሃል ላይ ቀርተዋል።

ደረጃ 4፦ ኤሌክትሮኖቹን ሙሉ

እያንዳንዱ ኦክስጅን ስድስት የውጭ ኤሌክትሮን አለው፣ ሁለቱ አንድ ላይ 12። ከታች ጀምሩ። በአንድ መስመር ከሁለት በላይ አይገባም።

ሁለት በሲግማ 2s፣ ሁለት በሲግማ ኮከብ 2s። አራት ሆነ። ሁለት በሲግማ 2p፣ ስድስት። አራት በሁለቱ ፓይ፣ አሥር። በእጃችሁ ሁለት ኤሌክትሮን ቀረ፤ ቀጣዩ ክፍት ቦታ ሁለቱ እኩል ፓይ ኮከብ ናቸው።

የአክስቴ ልጅ እዚህ ስትደርስ ሁለቱንም በግራው ፓይ ኮከብ ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል አድርጋ ከታ ቀኙን ባዶ ተወችው። እስካሁን ከታች የሞላችው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ስለነበር እጇ ለምዶ ነው። ግን ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ኦርቢታል ውስጥ ሲጠጋጉ ይገፋፋሉ፣ ያም ጉልበት ያስከፍላል። እኩል ከፍታ ያለው ባዶ ቦታ አጠገባቸው እያለ መጠጋጋት ለምን? አንድ አንድ ይይዛሉ። በዚያ ላይ ስፒናቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሆን ኤሌክትሮኖች በተፈጥሮ የበለጠ ይራራቃሉ፣ መገፋፋቱም ይቀንሳል። የሁንድ ሕግ የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቀስት ወደ ላይ አድርጉ፣ በየራሱ መስመር።

የተጠናቀቀው የመሃል ዓምድ ይህን ይመስላል፦

```
σ*2p        ___

π*2p     _↑_   _↑_

π2p      _↑↓_  _↑↓_

σ2p         _↑↓_

σ*2s        _↑↓_

σ2s         _↑↓_
```

ደረጃ 5፦ ቦንዱን ቁጠሩ

የቦንድ ኦርደር ማለት በቦንዲንግ ያሉት ኤሌክትሮኖች ሲቀነስ በአንቲቦንዲንግ ያሉት፣ ለሁለት ሲካፈል ነው። በቦንዲንግ ስምንት አሉ፦ ሁለት፣ ሁለትና አራት። በአንቲቦንዲንግ አራት አሉ፦ ሁለት በሲግማ ኮከብ 2s፣ ሁለት በፓይ ኮከብ።

```
(8 - 4) / 2 = 2
```

ድርብ ቦንድ። ሉዊስም ይህን ብሎ ነበር፤ ቁጥሩ ላይ አልተሳሳተም። ልዩነቱ ውስጡ ነው። የ2s ሁለቱ ደረጃዎች ተጣፍተዋል። ሲግማ 2p አንድ ሙሉ ቦንድ ይሰጣል። ሁለቱ ፓይዎች ሞልተው ሁለት ቦንድ ይሰጡ ነበር፣ ግን ፓይ ኮከብ ላይ ያሉት ሁለት ኤሌክትሮኖች አንዱን ቦንድ ያህል ይመልሳሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ቦንድ አንድ ሙሉ ፓይ አይደለም፤ ሁለት ግማሽ ግማሽ ፓይ ነው፣ አንዱ በ x በኩል ሌላው በ y።

ደረጃ 6፦ ብቸኛዎቹን ቁጠሩ

ሁለት ናቸው። ሞለኪውሉ ፓራማግኔቲክ ነው። መጠኑንም ማስላት ይቻላል። n የብቸኛ ኤሌክትሮኖች ቁጥር ከሆነ በስፒን ብቻ የሚገኘው የማግኔት ሞመንት ይህ ነው፦

```
√(n(n+2)) = √(2 × 4) = 2.83
```

መለኪያው ቦር ማግኔቶን ነው። ከኦክስጅን ላይ የሚለካውም ለዚህ የቀረበ ነው። አንድ ብቸኛ ኤሌክትሮን ብቻ ቢኖር 1.73 ነበር የሚወጣው፤ ልዩነቱ በመለኪያ በቀላሉ ይታያል። እንግዲህ ያ የሰማያዊ ፈሳሽ ድልድይ ተንጠልጥሎ የሚቆመው በእነዚህ ሁለት ቀስቶች ነው።

ዲያግራሙን በአዮኖች ፈትኑት

አንድ ሰው «ውጤቱን አስቀድመህ ስለምታውቅ ነው የመጣልህ» ቢላችሁ፣ መልሱ አዮኖቹ ጋ ነው። ዲያግራሙ እውነት ከሆነ ከፓይ ኮከብ ላይ ኤሌክትሮን ስትወስዱ ቦንዱ ሊጠነክርና ሊያጥር ይገባል። ስትጨምሩ ደግሞ ሊላላና ሊረዝም። በሉዊስ ሥዕል ይህን አስቀድሞ መናገር አስቸጋሪ ነው፤ ኤሌክትሮን መውሰድ ቦንድ ያጠነክራል ብሎ ማን ይጠብቃል?

አንድ ኤሌክትሮን ውሰዱ፦ O₂⁺። የቦንድ ኦርደር 2.5 ይሆናል፣ ርዝመቱ ከ121 ወደ 112 ፒኮሜትር ያጥራል። አሁን በተቃራኒው ሁለት ጨምሩ፦ O₂²⁻፣ ማለትም ፐርኦክሳይድ። ሁለቱም ፓይ ኮከብ ሞላ፣ የቦንድ ኦርደር 1 ሆነ፣ ርዝመቱ ወደ 149 ፒኮሜትር ሄደ፣ ብቸኛ ኤሌክትሮንም ስለሌለ ዳያማግኔቲክ ነው። በመሃል ያለው ሱፐርኦክሳይድ፣ O₂⁻፣ አንድ ብቸኛ ኤሌክትሮን ያለው ሲሆን ርዝመቱም በሁለቱ መካከል ነው። ሁሉም በተባለው አቅጣጫ ሄዱ።

ሌላም ምልክት አለ። ከብቸኛ የኦክስጅን አቶም ላይ ኤሌክትሮን ለመንቀል 13.6 ኤሌክትሮንቮልት ያስፈልጋል። ከኦክስጅን ሞለኪውል ላይ ግን 12.1 ይበቃል። በፓይ ኮከብ ላይ ያለው ኤሌክትሮን ከአቶሙ 2p በላይ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ነው። ናይል ባርትሌት ኦክስጅን ኤሌክትሮኑን ለፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ እንደሚለቅ አየ። ከዜኖን ላይ ኤሌክትሮን ለመንቀል የሚያስፈልገውም እንዲሁ ወደ 12.1 መሆኑን አስተዋለና በ1962 እ.ኤ.አ. በዜኖን ሞከረው፣ ሠራለትም። «ከምንም ጋር አይዋሃዱም» ሲባሉ ከኖሩት ጋዞች የመጀመሪያው ውሁድ የተገኘው እንዲህ ነው።

የሚሳሳቱበት ቦታ

ብዙ ተማሪ የሚጨነቀው ሲግማ 2p ከፓይ በታች ነው ወይስ በላይ በሚለው ነው። ለናይትሮጅን ፓይ በታች፣ ሲግማ በላይ ነው፤ ለኦክስጅን ይገለበጣል። ምክንያቱ ያ ሰፊ ክፍተት ነው። በናይትሮጅን 2s እና 2p ስለሚቀራረቡ ሁለቱ ሲግማዎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ የላይኛው ሲግማ ከፓይ በላይ ይወጣል። በኦክስጅን ክፍተቱ ስለሰፋ መገፋፋቱ ደክሟል።

ግን ደረጃ 4ን እንደገና እዩት። ሲግማና ፓይን ብታገላብጡ ምን ይለወጣል? ሁለቱም ይሞላሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ኤሌክትሮኖች ያው ፓይ ኮከብ ላይ ያርፋሉ። የቦንድ ኦርደሩም፣ ማግኔቱም አይለወጥም። ፈተና ላይ የኦክስጅንን ቅደም ተከተል ገልብጦ «ፓራማግኔቲክ» ብሎ የጻፈ ተማሪ መልሱ ትክክል ነው፣ ዲያግራሙ ግን ስህተት። ቅደም ተከተሉ ማግኔቱን የሚወስነው በቦሮን ነው። B₂ ስድስት የውጭ ኤሌክትሮን አለው። አራቱ የ2s ደረጃዎችን ይሞላሉ፣ ሁለት ይቀራሉ። ሲግማ በታች ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እዚያ ይጣመሩና ዳያማግኔቲክ ይሆን ነበር። እውነተኛው B₂ ግን ፓራማግኔቲክ ነው። ፓይ በታች መሆኑን የሚነግረን እሱ ነው።

ዲያግራሙ የማይናገረው

የአክስቴ ልጅ በግራው ፓይ ኮከብ ውስጥ አጣምራ የሳለችው ሥዕል የምትጥሉት አይደለም። በሁለቱ ፓይ ኮከብ ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮን የሚቀመጥበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም፤ ስፒናቸው የተጣመረበትም ሁኔታ አለ። ሲንግሌት ኦክስጅን ይባላል፣ ከተለመደው ኦክስጅን በአንድ ሞል 94 ኪሎጁል ከፍ ይላል። የእሷ ሥዕል ይህን በግርድፉ የሚያሳይ ነው። ሲንግሌት ኦክስጅን ከብዙ ነገር ጋር ቶሎ ይዋሃዳል፤ ተራው ኦክስጅን ግን ሁለቱ ብቸኛ ኤሌክትሮኖቹ በአንድ አቅጣጫ ስለሆኑ፣ ሁሉም ጥንድ ከሆነባቸው ሞለኪውሎች ጋር በቀላሉ አይገጥምም። እንጨት በተራ አየር ውስጥ ክብሪት ሳይነካው ዓመታት የሚቀመጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መስመሮቹና ቀስቶቹ ግን ያንን 94 ኪሎጁል አይሰጧችሁም። ሁለቱ ሥዕሎች በተመሳሳይ መስመሮች ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ኤሌክትሮን ነው ያላቸው። የትኛው እንደሚቀድም ከሁንድ ሕግ ታውቃላችሁ፤ በስንት እንደሚቀድም ለማወቅ የኤሌክትሮኖቹን መገፋፋት ራሱን ማስላት ወይም በመሣሪያ መለካት ያስፈልጋል።